ፈረንሳይኛ «ተነገረኝ» ማለት ለምን ይቸግረዋል?

ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት በኩል የተማረ ሰው አንድ ቀን ማርሴይ ወይም ሊዮን ውስጥ «ነገ እንድመለስ ተነገረኝ» ማለት ይፈልጋል። እንግሊዝኛው «እኔን» የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ ግሡን በተደራጊ መልክ ስለሚያቀርብለት፣ እሱም ያንኑ ይከተልና «ዤ ኤቴ ዲ ደ ረቭኒር ደማን» ይላል። ሰሚው ሐሳቡ ይገባዋል፤ ጆሮው ግን አይቀበለውም። ዐረፍተ ነገሩ ሲሰማ «እኔ ራሴ ተባልኩ»፣ ማለትም «እኔ ከአንደበት የወጣሁ ቃል ነኝ» እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው በዚያ ቦታ የሚለው «ኦን ማ ዲ ደ ረቭኒር ደማን» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ነገ ተመለስ አሉኝ»።

ይህን ያየ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ «ፈረንሳይኛ ተደራጊ ግሥ አይወድም» የሚል ነው። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የፓሪስን ጋዜጣ የገለጠ፣ የፈረንሳይን ሕግ ያነበበ ወይም የሳይንስ ጽሑፍ ያየ ሰው በየመስመሩ ተደራጊ ግሥ ያገኛል። ጉዳዩ የመውደድና የመጥላት አይደለም። ተደራጊው ግሥ በፈረንሳይኛ የሚገባበት በር ጠባብ ነው፤ በዚያ በር ማለፍ ያልቻለውን ሐሳብ የሚያስተናግዱ ሌሎች ሁለት መንገዶችም ቋንቋው አሉት። አንዱ «ኦን» የምትባል ትንሽ ተውላጠ ስም ናት፤ ሌላው «ሰ» የተባለችውን ቃል ከግሡ ፊት ማስቀደም ነው።

ከበሩ እንጀምር። ፈረንሳይኛ ባለቤት አድርጎ ወደ ፊት የሚያመጣው የግሡን ቀጥተኛ ተሳቢ ብቻ ነው። «ሌባው ቦርሳውን ሰረቀ» በሚለው ውስጥ ቦርሳው ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሆነ «ቦርሳው ተሰረቀ» ማለት ይቻላል፤ «ለ ሳክ አ ኤቴ ቮሌ»። «ዲር» ማለትም «መናገር» የሚለው ግሥ ግን ቀጥተኛ ተሳቢው የሚነገረው ነገር ነው፤ የሚነገረው ሰው የሚመጣው «አ» በምትባል መስተዋድድ፣ እንደ እኛ «ለ» ባለች፣ ታጅቦ ነው። መስተዋድድ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በፈረንሳይኛ የተደራጊ ዐረፍተ ነገር ባለቤት መሆን አይችልም። መስጠት፣ መመለስ፣ ስልክ መደወል፣ ሰውን አንድ ነገር መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውየውን በ«አ» ነው የሚያመጡት፤ ስለዚህ ሁሉም በዚሁ በር ላይ ይቆማሉ።

ሕጉ በትርጉም ሳይሆን በግሡ ጠባይ ላይ የተመሠረተ መሆኑ የሚታየው ሁለት ተቀራራቢ ግሦችን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው። «አንፎርሜ» ማለት «ማሳወቅ» ነው፤ ይህ ግሥ ሰውየውን ያለ መስተዋድድ፣ በቀጥታ ይወስዳል። ስለዚህ «ዤ ኤቴ አንፎርሜ» ምንም የማይወጣለት ትክክለኛ ፈረንሳይኛ ነው። «ነገሩኝ» እና «አሳወቁኝ» በኑሮ ውስጥ አንድ ቢሆኑም፣ አንዱ ተደራጊ ይሆናል፣ ሌላው አይሆንም። «እንድጠብቅ ተጠየቅሁ» ለማለት «ደማንዴ» በሚለው ግሥ «ዤ ኤቴ ደማንዴ» ያለ ሰው ሳያስበው «ተፈልጌ ነበር፣ ተጠርቼ ነበር» የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ፕሪዬ» የሚለውን፣ በአክብሮት መለመንን የሚያመለክተውን ግሥ ከመረጠ ግን «ዤ ኤቴ ፕሪዬ ዳታንድር» ብሎ በሰላም ያልፋል፤ ትንሽ የቢሮ ሽታ ቢኖረውም ትክክል ነው። አዲስ ግሥ ሲጠና ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ሰውን በ«አ» ነው ወይስ በቀጥታ የሚወስደው የሚለውን አብሮ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከሕጉ የሚያፈነግጡ ጥቂቶች አሉ፤ ዋናው «ኦቤይር»፣ መታዘዝ፣ ነው። ዛሬ ሰውን በ«አ» ቢወስድም ተደራጊ ይሆናል፤ ምክንያቱም በድሮው ፈረንሳይኛ ሰውየውን በቀጥታ ይወስድ ስለነበር ነው። አሮጌው ልማድ ሄዶ ተደራጊው ብቻውን ቀረ።

የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የራሱ ዕድልና የራሱ ወጥመድ አለው። «ተነገረኝ» ስንል ባለቤቱ «እኔ» አይደለሁም፤ የተነገረው ነገር ነው። እኔ የምገኘው በመጨረሻዋ «ኝ» ውስጥ፣ ተቀባይ ሆኜ ነው። ይህ ከፈረንሳይኛው አስተሳሰብ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ «ኦን ማ ዲ» ውስጥ ያለችው የ«ም» ድምፅ የእኛን «ኝ» ሥራ ትሠራለች። ነገር ግን «ሂድ ተባልኩ» እና «ተጠየቅሁ» ስንል «እኔ» ባለቤት ሆኜ ቁጭ አልኩ፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ስለዚህ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገሩ ከ«ተባልኩ» ይልቅ ከ«አሉኝ» መነሳት ይቀላል። «አሉኝ»፣ «ሰረቁኝ»፣ «ጠሩኝ» የሚሉት ማን እንዳደረገው የማይገልጹ የብዙ ቁጥር ግሦቻችን ለ«ኦን» የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

ታዲያ ይህቺ «ኦን» ማን ናት? ከላቲኑ «ሆሞ» የመጣች ናት፤ «ሰው» ማለት ነው። ያው የላቲን ቃል በሌላ መልኩ «ኦም» የሚለውን የዛሬውን የፈረንሳይኛ «ሰው፣ ወንድ» ወልዷል። በሮማንስ ቋንቋ ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ842 በሻርለማኝ የልጅ ልጆች በሻርልና በሉዊ መካከል በስትራስቡር በተደረገው ቃለ መሐላ ውስጥ ገና «ኦም» ሆና ትገኛለች። ሉዊ የሚምለው ሰው ወንድሙን በሕግ ሊረዳው እንደሚገባ እሱም ወንድሙን እንደሚረዳ ነው። እዚያ ላይ «ሰው» የተባለው አንድ የታወቀ ሰው አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ነው። የኋላ ኋላ ቃሉ ስምነቱን እየጣለ ተውላጠ ስም ሆነ። ስም እንደነበረ የሚመሰክር ቅሪት ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በጽሑፍ ላይ በተለይ «ሲ» እና «ከ» ከሚባሉት ቃላት ቀጥሎ «ሎን» ተብላ ስትመጣ የምናያት «ል» የድሮው መስተአምር ናት። እኛም «ሰው ምን ይለኛል» ስንል ያንኑ መንገድ እየሄድን ነው፤ ልዩነቱ የእኛ «ሰው» አሁንም ሙሉ ስም መሆኑ ነው።

«ኦን» ሁልጊዜ ባለቤት ናት፤ ሌላ ቦታ አትቀመጥም። ግሡም ሁልጊዜ ነጠላ ቁጥር ነው። ከእሷ በስተጀርባ ያለው ሰው ግን እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል። በንግግር ፈረንሳይኛ ዛሬ በብዛት የምትተካው «እኛ»ን ነው፤ «ኦን ኢ ቫ» ማለት «እንሂድ» ነው። ከዚህ የተነሳ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ገጽ ይኖረዋል። «ኦን አ አሬቴ ለ ቮለር»፣ ቃል በቃል «ሌባውን ያዙት»፣ መንገድ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ካለው «ፖሊሶቹ ያዙት» ማለት ነው። ፖሊሱ ራሱ ለባልደረባው ካለው «ያዝነው» ይሆናል። ቃላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አፉ ነው። ነርሷ ጠዋት ወደ ሕመምተኛው ገብታ «አሎር፣ ኦን አ ቢያን ዶርሚ?» ብትል ደግሞ «እንዴት ነው፣ ደህና ተኛህ?» ማለቷ ነው፤ ትንሽ እንደ ልጅ የማባበል ቃና አለው፤ ይህን የሚጠሉ ሕመምተኞች አሉ፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። ለጽሑፍም አንድ ችግር ትፈጥራለች። «ኦን» «እኛ» ስትሆን ግሡ ነጠላ ቢቀርም ቅጽሉና የግሡ ቅጥያ ብዙውን ጊዜ የብዙ ቁጥር ምልክት ይጨመርባቸዋል። «ደክሞናል» ብሎ በጽሑፍ የሚናገር ሰው በአንድ መስመር ላይ ነጠላ ግሥና የብዙ ቅጽል ያስቀምጣል። በንግግር ምልክቱ አይሰማም፤ የሚያስጨንቀው ብዕር ሲያዝ ነው።

የዚህች ቃል አንዱ ወሰን ሰው መሆኗ ነው። ያደረገው ሰው ካልሆነ «ኦን» አትገባም። ሊዝቦን እ.ኤ.አ. በ1755 በመሬት መንቀጥቀጥ ወደመች። ይህን «ኦን አ ዴትርዊ ሊዝቦን» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ጦር ወይም ወንበዴ እንዲፈልግ ይልከዋል። እዚህ ላይ ተደራጊው ግሥ ያለ ተፎካካሪ ይገዛል፤ «ሊዝቦን አ ኤቴ ዴትርዊት ፓር ኤን ትራንብልማን ደ ቴር»። «ፓር» የምትባለው መስተዋድድ አድራጊውን ከኋላ ታመጣለች። ማን ወይም ምን እንዳደረገው መናገር ከፈለጉ፣ በተለይ ዋናው ዜና አድራጊው ከሆነ፣ ተደራጊው ቦታውን አይለቅም። «ኦን» ደግሞ አድራጊውን ራሷ ስለያዘች ሌላ አድራጊ አትቀበልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ወደ «ሰ»። እሱን ለመረዳት ተደራጊው ግሥ ያለበትን ሌላ ድክመት ማየት ይገባል። ፈረንሳይኛ ተደራጊውን የሚሠራው «መሆን» በሚለው ግሥና በሌላው ግሥ ያለፈ ጊዜ ቅጥያ ነው። ይህ ጥምረት ግን ሁኔታን ለመግለጽም ያገለግላል። «ላ ፖርት ኤ ፌርሜ» የሚለውን የሰማ ሰው በቅድሚያ የሚረዳው «በሩ ዝግ ነው» የሚለውን ነው፤ «በሩ እየተዘጋ ነው» የሚለውን አይደለም። ድርጊቱ እንዲታይ ከፈለጉ «ኦን ፌርም ላ ፖርት» ይላሉ፣ ሰው እየዘጋው ነው። ወይም «ላ ፖርት ሰ ፌርም» ይላሉ፣ በሩ እየተዘጋ ነው፤ ማን እንደሚዘጋው አይነገርም፣ ነፋስም ይሁን ሞተር። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ይህ ጭንቅ ይቀላል፤ «አ ኤቴ ፌርሜ» ከተባለ ድርጊቱ ተሰምቷልና። ስለዚህ ተደራጊው ግሥ የሚመቸው በዜና፣ ባለፈ ድርጊት ላይ መሆኑ ድንገተኛ አይደለም።

«ሰ» በመሠረቱ «ራሱን» ማለት ነው። «ሌ ዛንፋን ሰ ላቭ»፣ ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ራሳቸውን። ባለቤቱ ራሱን ሊያጥብ የማይችል ነገር ሲሆን ግን ጆሮ ወዲያው ትርጉሙን ይቀይራል። «ሰት ሽሚዝ ሰ ላቭ ፋሲልማን»፣ ይህ ሸሚዝ በቀላሉ ይታጠባል። ሸሚዝ ራሱን አያጥብምና። አማርኛው «ታጠበ» በሚለው ግሡ ልክ ይህንኑ ድርብ ሥራ ይሠራል፤ «ልጁ ታጠበ» እና «ሸሚዙ ታጠበ» አንድ ግሥ ናቸው። «በርበሬ በኪሎ ይሸጣል» ሲባል ደግሞ «ሸ»ን ካላጠበቅን በርበሬው ነጋዴ ይሆናል፤ ፈረንሳይኛ ለዚህ ማጥበቂያ የላትምና «ሰ»ን ታስገባለች። «ሌ ቶማት ሰ ቫንድ ኦ ኪሎ»፣ ቲማቲም በኪሎ ይሸጣል።

ይህ መንገድ ለጠባይ፣ ለልማድና ለደንብ የተበጀ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ነጭ ወይን ሲቀርብ «ለ ቫን ብላን ሰ ቧ ፍሬ» ይባላል፣ ነጭ ወይን ቀዝቅዞ ነው የሚጠጣው። በቀል ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ ነው የሚለው የታወቀ የፈረንሳይ ተረትም በዚሁ «ሰ» የተሠራ ነው። ልጅ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን ሲያስቀምጥ እናቱ «ሳ ን ሰ ፌ ፓ» ትላለች፤ በእኛ «ነውር ነው፣ እንዲህ አይደረግም»። ይህን በተደራጊ ግሥ ብትለው ሥርዓቱ ይጠፋና አንድ ጊዜ የሆነ ድርጊት ብቻ ይቀራል። በአንጻሩ «ሸሚዙ ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ታጠበ» የሚለውን በ«ሰ» ለማለት መሞከር ፈረንሳዊውን ያስቃል፤ አንድ የተወሰነ እጅ፣ በተወሰነ ሰዓት ያደረገውን ነገር «ሰ» በቀላሉ አትሸከምም። ቤት በሁለት ቀን ውስጥ ተሸጠ የሚሉ ዓይነቶች ያልፋሉ፤ እዚያም የሚነገረው የቤቱ ጠባይ፣ ቶሎ የመሸጡ ነገር ነው። «ፓር» ማስከተልም አይቻልም። እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ በ«ሰ» የተሠራ ግሥ አድራጊውን በ«ፓር» ያስከትል ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ስሕተት ነው። ባለቤቱ ሰው ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። «እነዚህ ሠራተኞች ይከበራሉ» ለማለት «ሰ ረስፔክት» ቢባል የሚሰማው «እርስ በርስ ይከባበራሉ» ነው። ሰውን ባለቤት ያደረገ ዐረፍተ ነገር ከ«ሰ» ይልቅ ወደ «ኦን» ወይም ወደ ተደራጊው ይሄዳል።

ሁሉንም በአንድ ላይ ለማየት አንድ ታሪክ እንውሰድ። አንድ ሰው ለጓደኛው እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ማርሴይ ባቡር ጣቢያ ቦርሳዬ ተሰረቀ። ፖሊስ ጣቢያ እንድሄድ ተነገረኝ። እዚያም ብዙ እንድጠብቅ ተደረግሁ። ከዚያ ቅጽ ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ቦርሳ በአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ ይሸጣል ተባልኩ።» አምስቱም ግሦች በአማርኛ ተደራጊ መልክ አላቸው። በፈረንሳይኛ አምስቱ አምስት ዕጣ ይደርሳቸዋል።

ቦርሳው ቀጥተኛ ተሳቢ ነውና «ሞን ሳክ አ ኤቴ ቮሌ» ትክክል ነው፤ ፖሊሱ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈውም ይህን ነው። ለጓደኛ ሲወራ ግን «ኦን ማ ቮሌ ሞን ሳክ» ይባላል። ቦርሳው በጎላ ቦታ እንዲሆን ከፈለገ ተደራጊ ግሥ አያስፈልገውም፤ «ሞን ሳክ፣ ኦን ም ላ ቮሌ» ብሎ ቦርሳውን ፊት ያስቀምጥና «ቦርሳዬን እኮ ሰረቁኝ» እንደማለት ያደርገዋል። ይህ ፈረንሳይኛ ተደራጊውን ለምን ብዙ እንደማይፈልግ ከሚያስረዱት ነገሮች ሁሉ ለእኔ ዋናው ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ነገሩን ወደ ፊት ለማምጣት ግሡን መገልበጥ አለበት፤ ፈረንሳይኛ ነገሩን አንሥቶ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፣ ግሡን ሳይነካ።

ሁለተኛው፣ «ተነገረኝ»፣ ከላይ ያየነው ነው፤ ያለ «ኦን» መንገድ የለውም። ሦስተኛውም እንዲሁ። «ማስጠበቅ» በፈረንሳይኛ «ፌር አታንድር» የሚባል የሁለት ግሥ ጥምረት ነው፤ ይህ ጥምረት ተደራጊ አይሆንም፣ «ኦን ማ ፌ አታንድር» ብቻ። አራተኛው ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ቅጹ ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሆነ «ኤን ፎርሙሌር ማ ኤቴ ርሚ»፣ ቅጽ ተሰጠኝ፣ ይባላል፤ ባለቤቱ ቅጹ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን ልብ ይሏል። የማመልከቻ ቋንቋ ነው። በወሬ መካከል «ኦን ማ ዶኔ ኤን ፎርሙሌር» ይሻላል። አምስተኛው ለሁለት ይከፈላል። «ተባልኩ» ወደ «ኦን ማ ዲ» ይሄዳል፤ «በርካሽ ይሸጣል» ደግሞ የዕቃው ጠባይ ስለሆነ «ሳ ሰ ቫን ፓ ሼር»። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ኦን» እና «ሰ» ጎን ለጎን።

ይህንኑ ሰው ሲያማርር ብንሰማው ሌላ አባባልም ይጨምራል፤ «ዠ ም ስዊ ፌ ቮሌ ሞን ሳክ»። ቃል በቃሉ «ቦርሳዬን አሰረቅሁ» ዓይነት ነው፤ «ማድረግ» የሚለው ግሥ ከ«ሰ» ጋር ተጣምሮ የደረሰበትን ክፉ ነገር የሚገልጽ መሣሪያ ነው። የሚገርመው በተደራጊው የተከለከለውን በር ይከፍታል፤ ቦርሳው ሳይሆን ሰውየው ባለቤት ይሆናል። በየቀኑ ይሰማል። በወንጀል ወሬ ላይ ግን ተቃውሞ ተነሥቶበታል፤ ጥቃት የደረሰባትን ሴት በዚህ አባባል መግለጽ ጥፋቱን ወደ እሷ የሚያጠጋ ይመስላል የሚሉ አሉ፤ እነሱ ቀጥተኛውን ተደራጊ ይመርጣሉ። ሰው በተደራጊው ግሥ በጠንካራ ምክንያት የሚመለስበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ሌላው ቦታ ቢሮ ነው። «ኢል አ ኤቴ ዴሲዴ ከ»፣ «ተወስኗል» በሚል የሚጀምር ደብዳቤ የወሰነውን ሰው ስም አይጠራም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ይህን አባባል የማያውቅ ነዋሪ የለም። «ኦን አ ዴሲዴ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አንባቢው «ማን ነው እሱ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። «ኦን» ሰው ናትና ፊት አላት፣ ባይታወቅም። ተደራጊው ግን ፊት የለውም። የማስታወቂያ ሰሌዳም ልዩነቱን ያውቃል፤ «ኢሲ ኦን ፓርል ፍራንሴ»፣ እዚህ ፈረንሳይኛ ይነገራል የሚለው የሱቅ ሰሌዳ ደንበኛውን ወደ ውስጥ ይጠራል፤ «ኢል ኤ አንቴርዲ ደ ፊዩሜ»፣ ማጨስ የተከለከለ ነው የሚለው ደግሞ ከልካዩን ሳያሳይ ይከለክላል።